ጥቁር ቁልፍ የሌለባቸው ሁለት ቦታዎች

እ.ኤ.አ. በ1952 ባሪቶን ሳክስፎን ተጫዋቹ ጄሪ ማሊጋን በሎስ አንጀለስ ሄግ በሚባል ትንሽ ክለብ ውስጥ ፒያኖ የሌለበት ኳርቴት ይዞ መጫወት ጀመረ። መድረኩ ላይ የነበሩት የእሱ ሳክስፎን፣ የቼት ቤከር ትራምፔት፣ ቤዝና ድራም ብቻ ናቸው። ሳክስፎንና ትራምፔት በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ አያወጡም። ቤዙም በአብዛኛው እንደዚያው ነው። ኮርድ የሚመታ ሰው የለም ማለት ነው። የዚያን ባንድ ቅጂዎች ዛሬ ለሚሰማ ሰው ግን ኮርዱ መቼ እንደተቀየረና የት እንደሚያርፍ ግልጽ ሆኖ ይሰማዋል። ቤከር ከቤዝና ከድራም ጋር ብቻውን ሲቀር እንኳ ያልተመታው ኮርድ ጆሮ ውስጥ አለ።

ይህ የሆነው ቤከር ድምፅ ስላበዛ አይደለም፤ ቁጥብ ከሚባሉት ተጫዋቾች አንዱ ነው። ነገሩ ያለው ኮርዱ በሚቀየርባት ቅጽበት የትኛውን ድምፅ እንደሚነካ ላይ ነው። በኮርዱ ውስጥ ካሉት ድምፆች ሁለቱ፣ ሦስተኛውና ሰባተኛው፣ ከሌሎቹ የበለጠ ይናገራሉ። ሙዚቀኞች ጋይድ ቶን ይሏቸዋል። አሠራራቸውን ለማየት በጃዝ ውስጥ በብዛት ከሚገኘው የኮርድ አካሄድ የተሻለ ቦታ የለም።

ኪቦርድ አጠገብ ያለ አንባቢ ነጫጭ ቁልፎችን ብቻ ይዞ ሊከተለኝ ይችላል። ከዶ የሚጀምረውን የሜጀር ስኬል እንያዝ፦ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ። ከሁለተኛው ድምፅ ከሬ ተነስተን አንድ አንድ ቁልፍ እየዘለልን አራት ድምፅ ብንወስድ ሬ ፋ ላ ዶ እናገኛለን፤ ይህ ሬ ማይነር ሰባት ነው። ከአምስተኛው ከሶል ብንነሳ ሶል ሲ ሬ ፋ ይሆናል፤ ሶል ሰባት ይባላል። ከአንደኛው ከዶ ስንነሳ ደግሞ ዶ ሚ ሶል ሲ፣ ዶ ሜጀር ሰባት ነው። እነዚህ ሦስቱ በዚህ ቅደም ተከተል ሲመጡ በጽሑፍ ii–V–I ይባላሉ፤ ሙዚቀኞች በአፋቸው «ቱ ፋይቭ ዋን» ይሏቸዋል። በተለመደው አቀማመጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኮርዶች አንድ አንድ ባር፣ የመጨረሻው ሁለት ባር ይይዛሉ። አንዱ መንገድ ያስጀምራል፣ ሁለተኛው ያጠብቃል፣ ሦስተኛው ያሳርፋል።

አሁን ሬ ማይነርን እንፈትሽ። ሬን ቤዙ ስለሚጫወተው ሶሎ የያዘው ሰው ቢደግመው አዲስ ነገር አይጨምርም። አምስተኛው ድምፅ ላ በሬ ማይነርም በሬ ሜጀርም ውስጥ አለ፤ ስለዚህ እሱን ብቻ የሰማ ሰው የትኛው ኮርድ እንደሆነ ሊለይ አይችልም። ፋ ግን ይለያል፦ ግማሽ ድምፅ ከፍ ብታደርገው ማይነሩ ሜጀር ይሆናል። ሰባተኛው ድምፅ የሚለየው ሌላ ነገር ነው። ሶል ሰባትና ዶ ሜጀር ሰባት ሁለቱም ሜጀር ኮርዶች ናቸው፤ በመጀመሪያው ግን ሰባተኛው ድምፅ ዝቅ ያለ ስለሆነ ኮርዱ መሄድ መሄድ ይለዋል፣ በሁለተኛው ከፍ ያለ ስለሆነ ኮርዱ ባለበት ይቀመጣል። በካውንት ቤዚ ባንድ ከ1937 ጀምሮ ወደ ሃምሳ ዓመት ጊታር የመታው ፍሬዲ ግሪን ስድስቱን ክር ሁሉ እየገረፈ አልኖረም። በሦስት ክር፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ፣ ትልቁን ባንድ ይዞ ሄዷል።

ከሦስቱ ኮርዶች ሦስተኛና ሰባተኛ ድምፆችን ብቻ አውጥተን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ሌላ ነገር ይታያል። በሬ ማይነር ፋና ዶ ናቸው። በሶል ሰባት ሲና ፋ። በዶ ሜጀር ሚና ሲ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ኮርድ ስንሻገር ፋ ቦታውን አይለቅም፤ የሬ ሦስተኛ የነበረው አሁን የሶል ሰባተኛ ይሆናል። የሚንቀሳቀሰው ዶ ነው፤ ግማሽ ድምፅ ብቻ ወርዶ ሲ ይሆናል። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ስንሻገር ተራው ይለወጣል፦ ሲ ባለበት ይቆያል፣ ፋ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ሚ ይሆናል። ከመላው አካሄድ ውስጥ ጆሮ የሚከተለው ይህን ነው፦ ዶ ወደ ሲ፣ ከዚያ ፋ ወደ ሚ።

ኪቦርዱን ተመልከቱት። በሲና በዶ መካከል፣ እንዲሁም በሚና በፋ መካከል ጥቁር ቁልፍ የለም። ነጫጮቹ ቁልፎች በግማሽ ድምፅ የሚጠጋጉት በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ብቻ ነው። ኮርዱ የሚቀየረውም በትክክል እዚያው ላይ ነው። አንድ ተማሪ ስለ ቱ ፋይቭ ዋን አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይሂድ ቢባል እኔ የምሰጠው ይህንን ነው፤ ከስኬል ስምና ከኮርድ ዝርዝር በፊት።

አንድ መስመር ሠርተን እንየው። በአንድ ባር ውስጥ አራት ምት አለ፤ በእያንዳንዱ ምት ሁለት ድምፅ ብንጫወት በባር ስምንት ድምፅ ይሆናል። ለሬ ማይነር ባር ሬ ፋ ላ ዶ ብለን እንውጣ፤ ቀጥለን ከላይኛው ሬ ጀምረን ሬ ዶ ላ ዶ እንበል። ስምንተኛው ድምፅ ዶ ነው። ሶል ሰባት በሚገባበት የመጀመሪያ ምት ላይ ከዚያው ዶ ግማሽ ድምፅ ወርደን ሲን እንንካ። ኮርዱ ተቀየረ። በዚህ ባር ውስጥ ሲ ሶል ላ ሲ እንልና ወደ ላይ በመቀጠል ሬ ሲ ሬ ፋ ብለን እንጨርስ። የመጨረሻው ፋ ከላይ ያለው ፋ ነው። ዶ ሜጀር ሲገባ ከዚያ ፋ ግማሽ ድምፅ ወርደን ሚ ላይ እንረፍና ድምፁን እንያዘው። ከአሥራ ሰባቱ ድምፆች ብዙዎቹን ብትቀያይሯቸው ነገሩ አይፈርስም። በባር ድንበሮቹ ላይ ያሉትን አራቱን፣ ዶና ሲን፣ ፋና ሚን፣ ብትነኩ ግን ሌላ መስመር ነው የሚሆነው። በቀስታ፣ ያለ ምንም አጃቢ ተጫወቱት። ኮርዱን ማንም ሳይመታላችሁ ሲቀየር ትሰሙታላችሁ።

ለልምምድ ግን ከዚህ መስመር አልጀምርም። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ኮርድ አንድ ረጅም ድምፅ ብቻ፦ ዶ፣ ሲ፣ ሲ። ቀጥሎ ፋ፣ ፋ፣ ሚ። በመሣሪያ ከመጫወት በፊት በአፍ ማዜም ይሻላል፤ ጣት ያላወቀውን ጆሮ ሊያውቅ ይችላል፣ ጆሮ ያላወቀውን ግን ጣት ቢለምደውም መድረክ ላይ ይጠፋዋል። ከዚያ ወደ ሌላ ቃና መሄድ ነው፤ ከፋ የሚጀምር ሜጀር፣ ከሲ ፍላት የሚጀምር ሜጀር እያሉ። ጥቁር ቁልፎች ሲገቡ ያ የታየው ክፍተት ከዓይን ይሰወራል፣ ርቀቱ ግን ያው ግማሽ ድምፅ ነው።

የእኛ አገር ተጫዋች እዚህ ላይ የሚገጥመው የራሱ ጣጣ አለ። ሜጀር ትዝታን በፒያኖ ከዶ ብንጀምረው ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። የጎደሉት ሁለቱ ፋና ሲ ናቸው። በዚህ ቅኝት ውስጥ አንድም ግማሽ ድምፅ የለም፤ ሁለቱንም ክፍተቶች ዘሎ ያልፋቸዋል። በትዝታ ጆሮው የተሟሸ ሳክስፎን ተጫዋች በሦስቱ ኮርዶች ላይ እነዚህን አምስት ድምፆች ቢያዘንብ የሚያስከፋ ድምፅ እምብዛም አያወጣም። ችግሩም ያ ነው። ዜማው ያምራል፣ አጃቢዎቹ ከሥር ሦስት ኮርድ ያሳልፋሉ፣ ዜማው ግን ሦስቱንም ያየ አይመስልም። አጃቢዎቹን ዝም ብታሰኛቸው የቀረው መስመር በዶ ኮርድ ላይ ብቻ የተጫወተ ነው የሚመስለው።

መፍትሔው ከቅኝት መሸሽ አይደለም፤ ሌላ ቅኝት አለና። ሜጀር ባቲ በፒያኖ ከዶ ሲጀመር ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ነው። በእነዚህ አምስት ድምፆች ውስጥ ዶም ሲም፣ ፋም ሚም አሉ፤ የሚያስፈልጉን አራቱ ድምፆች ከነክፍተቶቻቸው ተሟልተው ተገኙ። በባቲ ድምፆች ብቻ በሬ ማይነር ላይ ዶን ወይም ፋን፣ በሶል ሰባት ላይ ሲን ወይም ፋን፣ በዶ ሜጀር ላይ ሚን ወይም ሲን እያነጣጠሩ መለማመድ ይቻላል። እርግጥ በክራርና በማሲንቆ የሚሰማው ባቲ ከፒያኖው ቃና ጋር በልክ አይገጥምም፣ ባቲም የተፈጠረው ለዚህ ሥራ አይደለም። ለጆሮ ግን እንግዳ ያልሆነ መነሻ ነው።

ከዚህ ሌላ የሚበዙት ጥፋቶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ከዚያው ክፍተት የሚመጡ። አንዱ ሶል ሰባት ገብቶ ሳለ ዶን ይዞ መቅረት ነው። ፒያኖው ሲን እየመታ ዶ ከላይ ሲጎተት ሁለቱ ይፋተጋሉ፤ ሰሚው ተጫዋቹ አንድ ባር ወደኋላ የቀረ ይመስለዋል። ሌላው ዶ ሜጀር ላይ ፋን መያዝ ነው፤ ይህኛው ከሚ ጋር ይፋተጋል፣ ማረፊያው ላይ ስለሆነም የባሰ ይሰማል። ሁለቱንም ድምፆች እግረ መንገድን ነክቶ ማለፍ ምንም አይደለም። የሚያጋልጠው መቆም ነው።

ሥራው መሳካቱን ማወቂያው ቀላል ነው። አጃቢውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማችሁ ሶሎውን ብቻ በስልክ ቅረጹ። ቅጂውን ዘፈኑን ለሚያውቅ ሰው አሰሙትና ኮርዱ የተቀየረ በመሰለው ቁጥር እጁን ያንሳ። በባሩ መጀመሪያ ላይ ካነሳ መስመሩ ተናግሯል። ግራ ገብቶት ከተመለከታችሁ የት ጋ እንደደበዘዘ ቅጂውን መልሶ መስማት ነው፤ ብዙ ጊዜ ኮርዱ በተቀየረበት ቦታ ላይ የተገኘው ድምፅ በሁለቱም ኮርዶች ውስጥ ያለ፣ ለምሳሌ ሬ ወይም ሶል፣ ይሆናል።

ይህ ሁሉ በእውነተኛ ዘፈን ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት «ኦተም ሊቭስ» ይበቃል። ጆሴፍ ኮስማ የሚባል በሃንጋሪ የተወለደ የዜማ ደራሲ በ1945 ፈረንሳይ ውስጥ የሠራው ነው። ጃዝ ተጫዋቾች በብዛት የሚጠቅሱት ቅጂ ካነንቦል አደርሊ ማርች 9 ቀን 1958 ከማይልስ ዴቪስ ጋር ለ«ሳምቲን ኤልስ» አልበም የቀረጸው ነው፤ ዜማውን በታፈነ ትራምፔት የሚያቀርበው ማይልስ ነው። ቃናው ሶል ማይነር ነው። የመጀመሪያዎቹ ኮርዶች ዶ ማይነር ሰባት፣ ፋ ሰባት፣ ሲ ፍላት ሜጀር ናቸው፤ ቱ ፋይቭ ዋን ነው፣ ከሲ ፍላት ሆኖ። በሚ ፍላት ሜጀር ተሻግሮ ሁለተኛው ቱ ፋይቭ ዋን ይከተላል፦ አምስተኛው ድምፁ ግማሽ ዝቅ ያለ ላ ማይነር ሰባት፣ ሬ ሰባት፣ ሶል ማይነር።

ዜማው እንዴት እንደሚሄድ አስታውሱ፤ ሦስት ድምፅ ወደ ላይ ይራመድና ዘሎ አንድ ረጅም ድምፅ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ያንኑ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይደግማል። የሚያርፍባቸው ድምፆች ሚ ፍላት፣ ሬ፣ ዶ፣ ሲ ፍላት ናቸው። ሚ ፍላት የዶ ማይነር ሦስተኛ ነው። ሬ የሲ ፍላት ሜጀር ሦስተኛ፣ ዶ የላ ማይነር ሦስተኛ፣ ሲ ፍላት የሶል ማይነር ሦስተኛ። ኮስማ የዜማውን ማረፊያዎች በሙሉ ሦስተኛ ድምፆች ላይ ነው የደረደራቸው። ዘፈኑ ያለ አጃቢ ሲያንጎራጉሩት እንኳ ኮርዱ የሚሰማው ለዚህ ይመስለኛል፤ ለጀማሪዎች የሚሰጠውም ቀላል ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ሶሎ የሚጫወተው ሰው ታዲያ ዜማው ያልተጠቀመበትን ሌላኛውን መስመር መውሰድ ይችላል። ከዶ ማይነር ሰባተኛ ከሲ ፍላት ይነሳል። ፋ ሰባት ሲገባ ላ ይሆናል፣ በሲ ፍላት ሜጀርም ላ እንዳለ ይቆያል። በሚ ፍላት ሜጀር ሶል፣ በላ ማይነር ያው ሶል፣ በሬ ሰባት ፋ ሻርፕ። ከዚያ ሶል ማይነር ሲመጣ ፋ ሻርፑ ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ በሶል ይዘጋል፤ ወደ ታች ወርዶ ፋ ቢሆንም የሶል ማይነር ሰባተኛ ስለሆነ ያስኬዳል፣ ብቻ መዝጊያነቱ ይላላል። ስምንት ባር ሙሉ በአራት ድምፅ ተሻገርን። አንድ ሰው የኮስማን ዜማ እያዜመ ሌላው ይህን መስመር ከሥር ቢይዝለት ሁለቱ ብቻቸውን ዘፈኑን ያቆሙታል።

ችግሩ የሚመጣው ይህን የለመደ ተማሪ በየባሩ መጀመሪያ ላይ ሦስተኛውን ድምፅ እንደ ማኅተም መምታት ሲጀምር ነው። ትክክል ነው፣ ግን ያሰለቻል። የቆዩት ተጫዋቾች ዒላማውን ሳይለቁ መድረሻ ሰዓቱን ያናውጡታል። አንዱ ዘዴ መክበብ ነው፦ ሚ ላይ ማረፍ ከፈለግህ መጀመሪያ ከላዩ ፋን፣ ከዚያ ከሥሩ ሬ ሻርፕን፣ ቀጥሎ ሚን። ሬ ሻርፕ ከስኬሉ ውጭ ነው፤ ሚ ወዲያው ስለሚከተለው ግን ጆሮ ይቅር ይለዋል፣ እንዲያውም ይጠብቀዋል። ቻርሊ ፓርከር በሶሎዎቹ ውስጥ ይህን ሲያደርግ በተደጋጋሚ ይሰማል። ሌላው ማስቀደም ነው፤ ሶል ሰባት ሳይገባ በግማሽ ምት ቀድሞ ሲን መንካት። ሌላው ደግሞ ማዘግየት ነው፤ ሶል ሰባት ከገባ በኋላ ዶን እስከ ሦስተኛው ምት ይዞ ቆይቶ ከዚያ ወደ ሲ መልቀቅ። ቅድም ጥፋት ያልኩት ያው ዶ ነው። ልዩነቱ ወዴት እንደሚሄድ ማወቁና በጊዜው መሄዱ ነው፤ ሰሚውም ይህን ይለያል።

ዘዴው የማይሠራበት ቦታም አለ። ማይልስ በ1959 ባወጣው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ላይ ያለው «ሶ ዋት» አሥራ ስድስት ባር በሬ፣ ስምንት ባር ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ በሚ ፍላት፣ ስምንት ባር ተመልሶ በሬ ነው። ኮርዱ እምብዛም ስለማይቀየር ከዚህ ወደዚያ የሚያሻግር ድምፅ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ እዚያ ሥራው የምትና የዜማ ቅርጽ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በቦስተን በርክሊ ጃዝ ተምሮ ቢመጣም ብዙዎቹ ሥራዎቹ በቅኝትና በሚደጋገም ቤዝ ላይ የቆሙ ናቸው። በእነሱ ላይ ቱ ፋይቭ ዋን ልጫወት ብሎ ፋና ሲን የሚያሳድድ ሰው ቅኝቱን ያፈርሰዋል።

ቱ ፋይቭ ዋን ባለበት ግን ሁለቱ ድምፆች ቤዙ ቢያምፅ እንኳ አይከዱም። አንዳንድ ጊዜ ቤዝ ተጫዋቹ በሶል ምትክ ሬ ፍላትን ይመታል፣ ፒያኖውም ተከትሎት ኮርዱን ሬ ፍላት ሰባት ያደርገዋል። የዚህ ኮርድ ሦስተኛ ድምፅ ፋ ነው፤ ሰባተኛው በፒያኖ ላይ ሲ ነው። የሶል ሰባት ሁለት ድምፆች እነዚያው ሆነው ቦታ ብቻ ተለዋወጡ። ፋን ወይም ሲን የያዘ ተጫዋች ቤዙ ከሥሩ መንገድ መቀየሩን ባያውቅ እንኳ አይጎዳም። ሬ ላይ ረዘም አድርጎ የቆመ ግን ከሬ ፍላት ጋር በግማሽ ድምፅ ይጋጭና ወዲያውኑ ያውቀዋል።